«ሽልማቱ የእናንተ ነው» የተባለ ሰርግ ስንት ያወጣል?

ጥያቄ፦ «ድሬ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። በሥራ ቀን አስተማሪ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ኦርጋን እጫወታለሁ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ትዘፍናለች። ከጥምቀት በኋላ ባለ እሁድ ሐረር ላይ ሰርግ አግኝተናል። 15 ሺህ ብር እንከፍላለን፣ ሽልማቱ ደግሞ የእናንተ ነው አሉን። ሳውንድ ሲስተም ከነባለሙያው 5 ሺህ፣ መኪና ደርሶ መልስ 4 ሺህ በእኛ ነው። ለጓደኛዬ 3 ሺህ ቃል ገብቼላታለሁ። ሥራውን ያመጣው ቪዲዮ ቀራጭ 10 በመቶ ይፈልጋል። ጀማሪ ስለሆንን ጨምሩ ማለት ፈራን። ሽልማቱ ያካክሰዋል ወይ?»

ምላሽ፦ አያካክሰውም። ቢያካክሰው እንኳ ያ ዕድል ነው እንጂ ዋጋ አይደለም።

መጀመሪያ ሂሳቡን እናውርደው። ከ15 ሺህ ላይ ሳውንድ 5 ሺህ፣ መኪና 4 ሺህ፣ ጓደኛህ 3 ሺህ፣ ቪዲዮ ቀራጩ 1,500። ድምሩ 13,500 ነው። ለአንተ የሚቀርህ 1,500 ብር ነው። አሁን ሰዓቱን ቁጠር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዕቃ ትጭናለህ፣ ደንገጎን ወጥተህ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፈህ ሐረር ትገባለህ፣ ትተክላለህ፣ ትሞክራለህ፣ ሙሽሮቹን ትጠብቃለህ፣ ትጫወታለህ፣ ትነቅላለህ፣ ትመለሳለህ። ሳቢያን ስትገባ ሌሊት 6 ሰዓት ይሆናል። 15 ሰዓት ነው፣ በሰዓት 100 ብር ማለት ነው። በማግስቱ ሰኞ ደግሞ ክፍል ትገባለህ። ኦርጋኑ የራስህ መሆኑን እስካሁን አልቆጠርንም። አዳፕተሩ፣ ገመዱ፣ ስታንዱ በየሰርጉ ትንሽ ትንሽ ይሞታሉ።

ሽልማት ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ነገር አለ። ሽልማት የሚመጣው ከደጋሹ ኪስ አይደለም፣ ከእንግዳ ኪስ ነው። ስለዚህ ደጋሹ «ሽልማቱ የእናንተ ነው» ሲል የራሱ ያልሆነውን ገንዘብ ነው የሰጠህ። ምንም አልጨመረልህም። እንግዳው ደግሞ ሲሸልም አንተን አያይም፣ የሚያየው ዘፋኟን ነው። ግንባሯ ላይ ይለጥፋል፣ እጇ ላይ ያስይዛል። ኦርጋን ተጫዋቹ ጥግ ላይ አጎንብሶ ሪትም ሲቀይር ማን ያየዋል? በዚያ ላይ አሁን ብዙ ሰው ገንዘቡ ቴሌብር ውስጥ ነው። ኪሱ ውስጥ የሚለጠፍ ኖት ይዞ የሚመጣው ቀንሷል። ይሄን ሽልማት ሲሰበሰብ እያየሁ የኖርኩበት ነው።

የበፊቱን አንድ ቀን ልንገርህ። ሐረር፣ ትልቅ ግቢ፣ ድንኳን ተተክሎ። እኛም እንደ እናንተው በሽልማት ተስፋ በትንሽ ዋጋ ገባን። ማታ ላይ ጨዋታው ደምቆ ገንዘብ ይዘንብ ጀመር። ግን የሚለጠፈው ሙሽሮቹ ላይ ነበር። እኛ ፊት መሬት ላይ የወደቀውን አብራን የነበረችው ዘፋኝ ጎንበስ ብላ ስታነሳ አንዲት የሙሽሪት አክስት መጡና እጇን ያዙ። «ልጄ፣ ይሄ የሙሽሮቹ ነው» አሏት። በሰው ፊት ነው። ልጅቷ አለቀሰች፣ ቀሪውን ሁለት ሰዓት በተሰበረ ድምፅ ዘፈነች። አክስትየውም አልተሳሳቱም፣ ማንም አልነገራቸውም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስቀድሜ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ሽልማትን ከዋጋ ውስጥ አውጣው፣ ግን ሥርዓቱን አስቀድመህ ተስማማ። ሙሽሮች ላይ የሚለጠፈው የሙሽሮቹ ነው፣ ማንም ከእናንተ ወገን እጁን አያስገባም። ዘፋኟ ላይ የሚለጠፈውና ኦርጋኑ ላይ የሚቀመጠው የእናንተ ነው። የሚሰበስበው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ የሳውንዱ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፣ ሦስታችሁም እያያችሁ ማታውኑ ይቆጠር። ከጓደኛህ ጋር ደግሞ ክፍፍሉን ከመሄዳችሁ በፊት ቁረጡ። እኔ እኩል ነው የምለው። ለእሷ ነው የሚለጠፈው ብላ ሁሉንም ብትፈልግ ልክ ናት የሚል ሰው አለ፣ ግን ያለ ኦርጋኑ ያ ገንዘብ አይመጣም። ብዙ ጥሩ ጥሩ ሁለትዮሽ የፈረሰው በዋጋ አይደለም፣ በሽልማት ክፍፍል ነው።

አሁን ወደ ትክክለኛው ዋጋ። ከላይ አትጀምር፣ ከታች ጀምር። ሳውንድና መኪና 9 ሺህ ነው፣ እሱ የሚነካ አይደለም። ለአንተና ለእሷ ለአምስት ሰዓት ጨዋታ በነፍስ ወከፍ 5 ሺህ ልያዝ፣ 10 ሺህ ሆነ። ለዕቃህ እርጅና 1 ሺህ። 20 ሺህ ሞላ። የቪዲዮ ቀራጩ 10 በመቶ የሚታሰበው ከጠቅላላው ስለሆነ 20 ሺህ ላይ 2 ሺህ ደምረህ አታቁም፣ ይጎድልሃል። 20 ሺህን ለ0.9 አካፍል፣ 22,200 ገደማ ይመጣል። 22,500 ብለህ ዝጋው። ይሄ ወለልህ ነው፣ ከዚህ በታች ሙሉውን ሥራ አትሠራም። መጥራት ያለብህ ግን 26 ሺህ ነው፣ ምክንያቱም ሐረርም ሆነ ድሬ ሳይከራከር የሚከፍል ደጋሽ የለም። መከራከሪያ ካላስቀመጥክለት ወለሉን ራሱ ይቆርጠዋል።

የነፍስ ወከፉ 5 ሺህ ከየት መጣ ካልክ፣ እኔ የያዝኩልህ ነው። የራስህን ተካበት። ግን ለጓደኛህ ቃል የገባህላት 3 ሺህ አነስተኛ ነው ብዬ በግልጽ እነግርሃለሁ። አምስት ሰዓት የምትዘፍን ሰው ድምፅዋን ነው የምትሸጠው፣ ድምፅ ደግሞ እንደ ኦርጋን አዳፕተር አይቀየርም። አርባ አምስት ደቂቃ ዘፍና አሥራ አምስት ደቂቃ ማረፍ አለባት፣ በዕረፍቱ አንተ ብቻህን በኦርጋን ያዝ። በማግስቱ ድምፅዋ ከሻከረና በሁለተኛው ቀን ካልተመለሰ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ሥራ ተዉት።

«ጀማሪ ነን» ላልከው፣ እነሱ አልጠየቁህም እኮ። አንተ ነህ ለራስህ እያልክ ያለኸው። የጠሩህ የሆነ ቦታ ሰምተውህ ነው። ጀማሪነት የሚጎዳህ በዋጋ ሳይሆን በዘፈን ዝርዝር ነው። የኛ አገር ሰርግ አንድ ቋንቋ አይበቃውም። ድሬ ከዚራ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ ተጫውተህ ስታበቃ ጉራጊኛ ይጠሩሃል፣ መጋላ ከሆነ ሶማልኛ፣ ሐረር ጁገል ውስጥ ከሆነ ሐረሪኛ። እና ቤቱ የማን ቤት እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚፈልጉ ጠይቅ። የማትችለውን በስልክ ተናገር። «ሶማልኛ አንችልም፣ ሁለት ዘፈን በስልክ ከፍተን እናጫውታለን» ያለ ሰው ይከበራል፣ መድረክ ላይ ያፈረ ግን ሒሳቡ ይቆረጥበታል። አንዳንድ ቤት ደግሞ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ነው የሚጨፍሩት። እዚያ አንተ ላትገባ ትችላለህ፣ እሷ ብቻ ትፈለግ ይሆናል። ይሄን በሰርጉ ዕለት በር ላይ አትስማው።

የጊዜውን ጉልበት ደግሞ አልተጠቀምክበትም። ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ያሉት ቅዳሜና እሁዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ብዙው የክርስቲያኑ ሰርግ እዚያ ውስጥ ይጨናነቃል። በ2017 እና በ2018 ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ስለነበር የሁለቱም ሰርግ አንድ ላይ ቆሞ ነበር። በነዚያ ሳምንታት የእኔ ኦርጋን ከሽፋኑ አልወጣም። እና በዚህ ወቅት የሚከፈልህ ለዚያ ቀን ብቻ አይደለም፣ ሥራ የሌለበትን ወርም ይሸከማል። በዚህ እሁድ ርካሽ ከገባህ ቀኑ ተያዘ፣ ሌላ አይመጣበትም። ያው ዋጋ በነሐሴ፣ በጾመ ፍልሰታ ለሚደረግ ምርቃት ቢሆን ሌላ ነገር እልህ ነበር።

እሺ፣ ደውለህ 26 ሺህ ስትል «አቦ፣ ዘመድ አይደለንም እንዴ!» ይሉሃል። ወይም «ሌላው በ12 መጣሁ አለኝ»። ከሌላው ጋር አትከራከር፣ ሌላው ምን ይዞ እንደሚመጣ አታውቅም። ያለህ መውጫ አንድ ነው። ዋጋ ስትቀንስ ሥራውን አብረህ ቀንስ። ያው ሥራ በቀነሰ ዋጋ ከሰጠህ የመጀመሪያው ዋጋህ ውሸት ነበር ማለት ነው፣ እነሱም እንደዚያው ይረዱታል።

ለምሳሌ በእውነት 15 ሺህ ብቻ ነው ያላቸው እንበል። አብዛኛው ሰርግ ዲጄ አለው። የዲጄው ሳውንድ ላይ እንግባ በል፣ 5 ሺህ ወጪ ወዲያው ወደቀ። አምስት ሰዓቱን ወደ ሦስት አውርደው፣ ሙሽሮቹ ከገቡ በኋላ ያለውን ዋናውን ጨዋታ ብቻ ያዝ፣ ለሁለታችሁ በነፍስ ወከፍ 4 ሺህ። መኪና 4 ሺህ፣ ለዕቃ 1 ሺህ። ድምሩ 13 ሺህ ነው፣ ከኮሚሽኑ ጋር 14,500 ገደማ ይሆናል። 15 ሺህ ይበቃል! ያው ገንዘብ ነው፣ ግን አንተ ጋር 1,500 ሳይሆን ለራስህ 4 ሺህ፣ ለዕቃህም 1 ሺህ፣ ለጓደኛህም 4 ሺህ ቀረ። ብሩን ሳትጨምር ሥራውን ቀየርክ ማለት ነው።

ይሄን ከመረጥክ ግን ዲጄውን ራስህ ደውልለት፣ በደጋሹ በኩል አይሁን። ሚክሰሩ ላይ አራት ባዶ ቀዳዳ እንዳለው ጠይቀው። ሁለቱ ለኦርጋንህ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ለማይክ። ከሌለው ኦርጋኑን በአንድ ገመድ አስገባ፣ ቢያንስ ሦስት ይበቃሃል። ገመዱን የራስህን ይዘህ ሂድ። እንግዳ ከመግባቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ሞክሩ፣ ዲጄ ሙሽሮች ከገቡ በኋላ ሚክሰሩን አያስነካህም። የኦርጋንህ ድምፅ የሚሻክር ከሆነ የተበላሸው ስፒከሩ ላይሆን ይችላል፣ መጀመሪያ የኦርጋንህን ቮልዩም ዝቅ አድርገህ እየው።

ሰዓት ላይ ደግሞ ጠንከር በል፣ ገንዘቡ በብዛት የሚፈስሰው እዚያ ነው። 7 ሰዓት ይሉሃል፣ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ ሄደው 10 ሰዓት ይመጣሉ። አምስት ሰዓትህ ከመቼ ነው የሚቆጠረው? እነሱ ሙሽሮች ከገቡ ይላሉ፣ አንተ ከ7 ሰዓት ጀምሮ ቆመሃል። በስምምነቱ ላይ «ጨዋታው ከ8 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ነው፣ ሙሽሮች ቢዘገዩም» ብለህ ቁረጥ። ከዚያ በላይ ለሚፈልጉት ሰዓት ዋጋ ይኑረው። የሁለታችሁ 10 ሺህ ለአምስት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 2 ሺህ ነው። ትርፍ ሰዓት ሲሆን አንድ ተኩል አድርገው፣ 3 ሺህ፣ ለሳውንድ ባለሙያው 500 ጨምርና 3,500። የሚከፈለውም ሰዓቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከጨረስክ በኋላ የትርፍ ሰዓት ሒሳብ የሚከፍል ሰው አላየሁም፣ ሁሉም ሰክሮ ወይም ደክሞ ነው።

ቀሪው ክፍያ ራሱ እንደዚያው ነው። ማታ ላይ ሙሽራው ሄዷል፣ አባትየው ዘመድ እየሸኙ ነው፣ ገንዘብ የያዘው ሚዜ ስልኩ ዘግቷል። አንተ ዕቃ ጭነህ በር ላይ ቆመሃል፣ ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል። እዚያ ሁኔታ ውስጥ አትግባ። ስትዋዋል «ገንዘቡን የሚከፍለኝ ማነው?» ብለህ የሰውየውን ስምና ስልክ ያዝ። ዕቃ ተክለህ፣ ድምፅ ሞክረህ፣ የመጀመሪያው ዘፈን ከመጀመሩ በፊት ቀሪው በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባ። ይሄን አስቀድሞ በስልክ የሰማ ሰው አይከፋም። በዕለቱ የሰማ ግን ይከፋዋል፣ ልክም ነው።

ቀብድ ላይ ሕጉን እወቅ፣ ብዙ ሙዚቀኛ አያውቀውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ላይ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ስለዚህ ወረቀት ባትፈራረሙም ቀብድ ከተላለፈ ውል አለ ማለት ነው፣ ቴሌብሩ ላይ የቀረው መልእክት ራሱ ይጠቅምሃል። ቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ይተዋል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል ይላል። ሁለተኛውን ልብ በል። በዚያው እሁድ ሌላ ሰው 40 ሺህ ይዞ ቢመጣና ይሄን ብትተው፣ 7 ሺህ ተቀብለህ ከነበር 14 ሺህ ትመልሳለህ። ለዚህ ነው ቀብድን ግማሽ ሳይሆን ሲሶ ገደማ አድርግ የምለው። ቀኑን ለመያዝ ይበቃል፣ ብትታመም አያፈርስህም። ሕመምና ሐዘን ሲያጋጥም ምን እንደሚሆንም እዚያው ጻፉ።

ሐዘን ስል፣ ሰርግ የሚፈርሰው ወይም የሚገፋው አብዛኛውን ጊዜ ለቅሶ መጥቶ ነው። እንዲህ ሲሆን ቀብዱን ይዘህ ዝም አትበል። ሕጉ ሊፈቅድልህ ይችላል፣ ግን ከለቀስተኛ ቤት ላይ ገንዘብ የያዘ ሰው ሐረርን ያህል ከተማ ውስጥ ሁለተኛ አይጠራም። ወደ ሌላ ቀን አንድ ጊዜ አዛውርላቸው፣ አዲሱ ቀን ላይ ሌላ ሥራ ከሌለህ።

ሌሊቱንም አስብበት። ድሬና ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆኑም ማታ የመስመር መኪና ይጠፋል፣ ደንገጎ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ደግሞ ሌሊት ለደከመ ሹፌር አይመችም። ከ3 ሰዓት በኋላ የሚያልቅ ከሆነ እዚያው ማደሪያ በእነሱ ወጪ ይሁን፣ ለእሷና ለአንተ ለየብቻ። ሰኞ ክፍል ካለህ 1 ሰዓት ላይ የሚያልቀውን ስምምነት አጥብቀህ ያዝ። መብራት ቢሄድ ጀነሬተር የማን እንደሆነም ጠይቅ፣ የእነሱ መሆን አለበት። ኦርጋንህን ቀጥታ ጀነሬተር ላይ አትሰካው፣ ስታቢላይዘር በመሃል አስገባ።

የምመክርህ ይሄ ነው። በ15 ሺህ እንደተባለው አትሂድ። ዛሬ ለቪዲዮ ቀራጩ ሳይሆን ለደጋሹ ራሱ ደውል፣ ሁለቱን ምርጫ ንገረው፣ ከዚያ በቴሌግራም እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦

«ሰላም ወንድሜ። በስልክ እንደተነጋገርነው፣ ሙሉው ሥራ ከነሳውንዱ ከ8 እስከ 1 ሰዓት 26 ሺህ ብር ነው። በዲጄው ሳውንድ ከሙሽሮች መግቢያ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ከሆነ 15 ሺህ። ቀብድ ሲሶ፣ ቀሪው ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት። ትርፍ ሰዓት በሙሉው ሥራ 3,500፣ በሦስት ሰዓቱ 3 ሺህ። ሙሽሮች ላይ የሚለጠፈው የሙሽሮቹ ነው፣ ዘፋኟ ላይና ኦርጋኑ ላይ ያለው የእኛ። ጀነሬተርና ምሳ በእናንተ። ቀኑን የምይዝላችሁ ቀብዱ ሲገባ ነው፣ እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።»

ሙሉውን ሥራ ከፈለጉና ከ26 ወደ 23 ቢያወርዱህ እሺ በል፣ ከ22,500 በታች ግን አትውረድ። ዓርብ ድረስ ካልመለሱ ወይም «በ15 ሺህ ሙሉውን» ብለው ከጸኑ፣ በትህትና እንዳልተስማማህ ንገራቸውና እሁዱን ልቀቀው። በጥር የሚለቀቅ እሁድ ጠያቂ አያጣም። ለቪዲዮ ቀራጩም ደውለህ ለምን እንዳልሆነ ግልጽ አድርግለት፣ የሚቀጥለውን ሥራ ሲያመጣልህ ወለልህን አውቆ እንዲያመጣ።